የማስታወስ ዝንፈትና የምደባ ስህተት፦ ግኝታችንን ወዴት ይጎትቱታል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የኤፒዲሚዮሎጂ መመረቂያ ጽሑፎችን ሳነብ አንድ ዓረፍተ ነገር መምጣቱ አይቀርም፦ «የማስታወስ ዝንፈት ሊኖር ይችላል፤ ቢኖርም ግንኙነቱን የሚያዳክም እንጂ የሚያጋንን ስላልሆነ ትክክለኛው ውጤት ካገኘነው ሊበልጥ ይችላል።» ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማስረጃ የለውም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ተማሪዎቼ በዚሁ ጉዳይ ደጋግመው ከሚያነሷቸው የተለቀሙ ናቸው። መልሶቹን በአንድ ምሳሌ ዙሪያ አስሬያቸዋለሁ፤ ስፓይና ቢፊዳና መሰል የነርቭ ቱቦ ክፍተት ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን እናቶች፣ ጤናማ ልጅ ከወለዱ እናቶች ጋር የሚያነጻጽር ጥናት እናስብ። በምሳሌዎቹ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱ እንዲቀል እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። የእውነተኛ ጥናት ቁጥር ሲመጣ እናገራለሁ።

የማስታወስ ዝንፈት ማለት መርሳት ማለት ነው?

አይደለም። ሰው ሁሉ ይረሳል። ችግሩ አንዱ ወገን ከሌላው አብልጦ ሲረሳ ነው።

ሁለት እናቶችን እንመልከት። አንደኛዋ ልጇ ጀርባው ላይ እብጠት ይዞ ከተወለደ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ለቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቀች ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሐኪሙ ጠይቋታል፣ አማቷ ጠይቃታለች፣ ጎረቤት ጠይቋታል። ሌሊት ደግሞ ራሷን ትጠይቃለች፦ ምን በልቼ ነው? ምን ጠጥቼ ነው? ያ ሳል ሲይዘኝ የዋጥኩት መድኃኒት ይሆን? ሁለተኛዋ ጤናማ ልጇን አዝላ የክትባት ወረፋ ላይ ቆማለች። መረጃ ሰብሳቢው መጥቶ «እርግዝናው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የወሰዱት መድኃኒት ነበር?» ሲላት «ኧረ ምንም አልወሰድኩም» ትላለች። እርሷም ሳል ይዟት ያንኑ አሞክሳሲሊን ውጣ ሊሆን ይችላል። ለማስታወስ ምክንያት ስላልነበራት ግን ከአእምሮዋ ወጥቷል።

ሁለቱም እናቶች አልዋሹም። አንደኛዋ ለወራት ትዝታዋን ስትበረብር ከርማለች፤ ሌላዋ ለመልሱ የሰጠችው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። የማስታወስ ዝንፈት የምንለው ይህን በበሽታው ምክንያት የመጣውን የትዝታ ልዩነት ነው። ሁለቱም እኩል ቢረሱ ኖሮ ስህተት አለ እንላለን እንጂ የማስታወስ ዝንፈት አለ አንልም።

የምደባ ስህተት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የምደባ ስህተት ሰፊው ስም ነው። መድኃኒት የወሰደችውን «አልወሰደችም» ከሚለው ሳጥን፣ ያልወሰደችውን «ወስዳለች» ከሚለው ሳጥን ማስቀመጥ ሁሉ የምደባ ስህተት ነው። ምክንያቱ መርሳት፣ ማፈር፣ ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ወይም የተበላሸ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የማስታወስ ዝንፈት ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው።

ስህተቱን በሁለት ቁጥር እንለካዋለን። ሴንሲቲቪቲ በእርግጥ ከወሰዱት መካከል «ወስጃለሁ» ያሉት ድርሻ ነው። ስፔሲፊሲቲ ደግሞ በእርግጥ ካልወሰዱት መካከል «አልወሰድኩም» ያሉት ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በሕሙማን ቡድንና በንጽጽር ቡድን አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? አንድ ከሆኑ ስህተቱ በቡድን የማይለያይ ነው፤ ከተለያዩ በቡድን የሚለያይ ነው። የስህተቱ ብዛት መለያ አይደለም። ግማሹን እናቶች የሚያሳስት ጥያቄ በሁለቱም ወገን እኩል እስካሳሳተ ድረስ በቡድን የማይለያይ ይባላል።

በቡድን የማይለያይ ስህተት ውጤቱን ወዴት ይወስደዋል? በቁጥር ቢያሳዩን።

200 የሕሙማን እናቶችና 200 የንጽጽር እናቶች አሉን እንበል። ከሕሙማን እናቶች 100፣ ከንጽጽር እናቶች 50 መድኃኒቱን በእርግጥ ወስደዋል። ሁለቱን ቡድኖች የምናነጻጽርበት ቁጥር ኦድስ ሬሾ ነው፤ 1 ከሆነ ግንኙነት የለም ማለት ነው። እዚህ 100 በ150 ተባዝቶ፣ ለ100 በ50 ብዜት ሲካፈል 3.0 ይሆናል። እውነቱ ይህ ነው።

አሁን በሁለቱም ወገን ከወሰዱት መካከል ከአምስቷ አንዷ ትርሳ፤ ሴንሲቲቪቲው 80 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ያልወሰደች ሴት ግን «ወስጃለሁ» አትልም። በሕሙማን 80፣ በንጽጽር 40 ብቻ ይመዘገባሉ፤ ኦድስ ሬሾው 2.67 ይሆናል። በዚያ ላይ ስፔሲፊሲቲው ወደ 90 በመቶ ይውረድ፤ ካልወሰዱት ከአሥሯ አንዷ በስህተት «ወስጃለሁ» ትበል። የተመዘገቡት 90 እና 55 ይሆናሉ፣ ኦድስ ሬሾውም ወደ 2.16 ይወርዳል።

እንግዲህ 3.0 የነበረው ወደ 1 እየተጎተተ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱ ሳጥኖች ሲደባለቁ ልዩነታቸው ይደበዝዛል፣ ወተትና ቡና ሲቀላቀሉ ሁለቱም ወደ መካከለኛ ቀለም እንደሚሄዱት። መድኃኒቱ የሚጎዳ ሳይሆን የሚጠብቅ ቢሆን፣ ለምሳሌ እውነተኛው ኦድስ ሬሾ 0.5 ቢሆን፣ ጉተታው ወደ ላይ ወደ 1 ይሆናል። ተማሪዎች «ወደ 1 ይጎትታል» የሚለውን «ቁጥሩን ይቀንሳል» ብለው ሲይዙት እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

እውነቱ ከመነሻውም 1 ከነበረ ደግሞ፣ በቡድን የማይለያይ ስህተት ብቻውን ከምንም ተነስቶ ግንኙነት አይፈጥርም። በሁለት ሳጥን ብቻ ስንመድብ ይህ አስተማማኝ ነው።

በቡድን ሲለያይስ?

ያን ጊዜ ወደ የትም ሊሄድ ይችላል። ቀላሉን እንጀምር፤ መድኃኒቱ ምንም ጉዳት የለውም። ከሁለቱም ወገን ከ200 እናቶች 50ዎቹ ወስደውታል፤ እውነተኛው ኦድስ ሬሾ 1 ነው። የሕሙማን እናቶች ትዝታቸውን ስለበረበሩ 90 በመቶው ያስታውሳሉ፤ 45 ይመዘገባሉ። የንጽጽር እናቶች 60 በመቶው ብቻ ያስታውሳሉ፤ 30 ይመዘገባሉ። ኦድስ ሬሾው 1.65 ይወጣል። ማንም ያልዋሸበት፣ ማንም ያልተጎዳበት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ጥርጣሬ ውስጥ ገባ። እውነተኛው 3.0 በነበረበት ምሳሌ ላይ ይኸው የትዝታ ልዩነት ቢኖር ደግሞ 4.64 እናገኝ ነበር።

መጽሐፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ይህን አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «የማስታወስ ዝንፈት ያጋንናል» የሚል ሕግ ያለ ይመስላል። ጥያቄው ግን ስለ አሞክሳሲሊን ሳይሆን ስለ ጫት፣ ስለ አረቄ ወይም ፅንሱን ለማስወረድ ስለተሞከረ የባህል መድኃኒት ቢሆንስ? ልጇ ጉዳት ይዞ የተወለደባት እናት «እኔ ነኝ ያመጣሁበት» ብላ የምታስበውን ነገር፣ አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ እየሰማች ለማያውቁት ሰው አውጥታ ትናገራለች? ትዝታዋ የሰላ ሆኖ አንደበቷ ሊዘጋ ይችላል። የሕሙማን እናቶች 60 በመቶ፣ የንጽጽር እናቶች 90 በመቶ ቢናገሩ እውነተኛው 3.0 ወደ 1.48 ይወርዳል። እውነቱ 1 ከነበረ 0.61 ይሆንና ከጉዳቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር የሚጠብቅ ይመስላል።

ስለዚህ አቅጣጫውን የሚወስነው የስህተቱ ስም አይደለም። የትኛው ወገን፣ የትኛውን ጥያቄ፣ በምን ምክንያት አሳስቶ መለሰ የሚለው ነው።

ይህ በእውነተኛ ጥናት ታይቷል ወይስ የወረቀት ላይ ስጋት ነው?

ታይቷል፤ ከማውቃቸው ሁሉ ግልጹ የውርጃና የጡት ካንሰር ጥያቄ ነው። ለዓመታት በርካታ ጥናቶች የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶችና ጤነኛ ሴቶችን «ጽንስ አቋርጠሽ ታውቂያለሽ?» እያሉ ጠይቀው የተወሰነ ግንኙነት አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በዴንማርክ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሴቶችን የተከተለ ጥናት የውርጃውን መረጃ ከሴቶቹ አንደበት ሳይሆን ከአገሪቱ መዝገብ ወሰደ። ያገኘው አንጻራዊ ስጋት 1.00 ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ላንሴት ላይ የታተመ የጋራ ትንታኔ ከ16 አገሮች 53 ጥናቶችን፣ 83 ሺህ ያህል የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ሰብስቦ በሁለት ከፈላቸው። የውርጃው መረጃ ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት በተመዘገበባቸው ጥናቶች አንጻራዊ ስጋቱ 0.93 ሆነ። ሴቶቹ ከታመሙ በኋላ በተጠየቁባቸው ጥናቶች ግን 1.11 ሆነ። ጥያቄው አንድ፣ በሽታውም አንድ፤ የተለየው መረጃው የተያዘበት ጊዜ ነው። ታማሚዋ ሐኪሟ እንዲያውቅላት ስትል የምትናገረውን ጤነኛዋ ሴት ለመናገር ምክንያት የላትም። እዚህ ላይ የሚጋፈጠን መርሳት ሳይሆን መናገርና አለመናገር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጽንስ ማቋረጥ እንደ ሳል መድኃኒት የሚረሳ ነገር አይደለም።

ነገሩን ከሚገባው በላይ ላለማጋነን ግን አንድ ነገር ልጨምር። የእናቶችን ቃል ከሕክምና መዝገብ ጋር ያመሳከሩ ጥናቶች በሁሉም ጥያቄ ላይ የትዝታ ልዩነት አላገኙም፤ በአንዳንዱ አለ፣ በአንዳንዱ የለም። ጥያቄ በጥያቄ መታየት ያለበት ነገር ነው።

የእኛ ስህተት በቡድን የማይለያይ ከሆነ «እውነተኛው ውጤት ከዚህ ይበልጣል» ብለን መጻፍ እንችላለን?

ወደ መነሻችን ተመለስን። ይህን ለመጻፍ መጀመሪያ ስህተቱ በቡድን እንደማይለያይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ አንድ ዓይነት መጠይቅ መያዛቸው ይህን አያረጋግጥም። ከላይ የነበሩት ሁለት እናቶችም የተጠየቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው።

የማይለያይ መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ሦስት እንቅፋት አለ። አንደኛው ከሁለት በላይ ሳጥን መኖሩ ነው። መድኃኒቱን «ያልወሰዱ»፣ «ጥቂት የወሰዱ» እና «ብዙ የወሰዱ» ብለን ከፈልን እንበል። በንጽጽር ቡድን በየሳጥኑ 100 እናቶች አሉ። በሕሙማን ቡድን ያልወሰዱ 100፣ ጥቂት የወሰዱ 100፣ ብዙ የወሰዱ 300 ናቸው። እውነቱ እንግዲህ ጥቂት መውሰድ ምንም ጉዳት የለውም፣ ኦድስ ሬሾው 1 ነው፤ ብዙ መውሰድ 3 ነው። አሁን በሁለቱም ወገን እኩል፣ ብዙ ከወሰዱት 40 በመቶው «ጥቂት ነው የወሰድኩት» ይበሉ። የ«ጥቂት» ሳጥን በሕሙማን 220፣ በንጽጽር 140 ይሆናል፤ ኦድስ ሬሾው 1.57። የ«ብዙ» ሳጥን 180 ለ60 ስለሆነ 3 ላይ ይቆያል። ስህተቱ በቡድን አልተለያየም፤ ሆኖም ጉዳት የሌለው መጠን ጎጂ መስሎ ወጣ፣ የመጠንና የጉዳት መሰላል የሚመስል ነገርም ተፈጠረ። መሰላሉን አይቶ «መጠኑ ሲጨምር ጉዳቱ ስለሚጨምር ምክንያታዊ ግንኙነት ነው» የሚል ውይይት ለመጻፍ ብዕር ማንሳት ቀላል ነው።

ሁለተኛው፣ «ወደ 1 ይጎትታል» የሚለው በአማካይ ነው። ጥናቱን መቶ ጊዜ ብንደግመው አማካዩ ወደ 1 ይጠጋል ማለት ነው እንጂ የእኛ አንድ ጥናት የግድ ወደዚያ ሄዷል ማለት አይደለም። በ60 እና በ70 ሰው በተሠራ ጥናት፣ ማን ረስቶ ማን እንዳስታወሰ በዕድል ብቻ ወደ አንድ ወገን ሊያጋድል ይችላል።

ሦስተኛው፣ ስህተቱ በመድኃኒቱ ላይ ሳይሆን ግንኙነቱን በሚያደናግር ሌላ ነገር ላይ ሲሆን ነው። የእናትየዋ የኑሮ ደረጃ ግንኙነቱን የሚያደናግር ከሆነና እርሱን በተሳሳተ መለኪያ ከመዘገብነው፣ «አስተካክለናል» ያልነው ውጤት በከፊል ብቻ ነው የተስተካከለው። ማደናገሩ የቱንም አቅጣጫ ቢይዝ ቅሪቱ ወደዚያው ይጎትታል፤ 1ን አያውቅም።

ፎሊክ አሲድ የወሰዱ እናቶች ጥቂት ናቸው። ይህ ለውጥ ያመጣል?

በጣም ያመጣል፤ ይህን ጥያቄ በቂ ሰው አይጠይቀውም።

ፎሊክ አሲድ እንደሚጠብቅ ጥርጣሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ7 አገሮች ያካሄደው ሙከራ፣ ቀድሞ እንዲህ ዓይነት ልጅ በወለዱ ሴቶች ላይ ችግሩ ዳግም የመከሰቱን ዕድል በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ማን እንደወሰደ በዕጣ የተወሰነ ስለነበር የማንም ትዝታ አላስፈለገም። የእኛ ጥናት ግን እናቶችን ይጠይቃል፤ ችግሩ ደግሞ ጊዜው ላይ ነው። የነርቭ ቱቦው የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያውቁ ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያው ወር የተወሰደው ነው።

አሁን የጤና ጣቢያውን አሠራር አስቡት። እርጉዝ ሴት ክትትል ስትጀምር የሚሰጣት እንክብል ብረትና ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ክትትሉን የጀመረችው በአራተኛ ወሯ ከሆነ የነርቭ ቱቦው ከተዘጋ ቆይቷል። መረጃ ሰብሳቢው «ፎሊክ አሲድ ወስደዋል?» ሲላት እንክብሉን አስታውሳ «አዎን» ትላለች። አልዋሸችም፣ አልረሳችም። ለእኛ ጥያቄ ግን የተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ገባች።

በቁጥር እንየው። በ1000 የንጽጽር እናቶች ውስጥ 40፣ በ1000 የሕሙማን እናቶች ውስጥ 20 በትክክለኛው ጊዜ ወስደዋል፤ እውነተኛው ኦድስ ሬሾ 0.49 ነው። ከወሰዱት ከአምስቷ አንዷ ብትረሳ 32 እና 16 እናገኛለን፤ ኦድስ ሬሾው አሁንም 0.49 ነው። ምንም ያህል አልጎዳንም። ከዚያ ይልቅ ሁሉም የወሰዱ ቢያስታውሱና ካልወሰዱት ከ20ዋ አንዷ ብቻ ጊዜው ተምታቶባት «ወስጃለሁ» ብትል፣ በንጽጽር ቡድን በ40ዎቹ ላይ 48 ይጨመራሉ፤ በሕሙማን ቡድን በ20ዎቹ ላይ 49። የተመዘገቡት 88 እና 69 ይሆናሉ፤ ኦድስ ሬሾው 0.77።

ሃያ በመቶ መርሳት ያላናወጠውን አምስት በመቶ መምታታት አፈረሰው። ነገሩ ጥቂት ሰው ብቻ የሚወስደው ሲሆን፣ ያልወሰዱት ብዛት እጅግ ይበልጣልና ከእነርሱ መካከል የሚንጠባጠበው ስህተት እውነተኞቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጥናት «እናቶች ይረሱ ይሆን?» ብቻ ብሎ መጨነቅ ሁለተኛውን ጉዳይ ከፊት ማስቀደም ነው። መጠይቁ መጀመሪያ «ማርገዝዎን ያወቁት መቼ ነው? ክትትል የጀመሩት መቼ ነው?» ብሎ ቀኑን መያዝ፣ ከዚያ እንክብሉን በዚያ ቀን ፊትና ኋላ ማስቀመጥ አለበት። የወር ቁጥር ለማይዙ እናቶች በዓላት የተሻሉ ችካሎች ናቸው፦ ፍልሰታ ጾም ሲገባ ነበር? ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ለሙስሊም እናቶች ረመዳንና አረፋ።

ስህተቱ በተጋላጭነቱ ሳይሆን በበሽታው ምርመራ ላይ ቢሆንስ?

ሕጉ ትንሽ ይለያል። 1000 የተጋለጡና 1000 ያልተጋለጡ ሰዎችን ብንከተል፣ 100 እና 50 ሰዎች ቢታመሙ አንጻራዊ ስጋቱ 2 ነው። ምርመራችን ከታማሚዎቹ 60 በመቶውን ብቻ ቢይዝና ጤነኛን ግን ታማሚ ብሎ ፈጽሞ ባይመዘግብ 60 እና 30 እናገኛለን፤ አሁንም 2። የስጋቱ ልዩነት ግን ከ5 በመቶ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ጤነኛውን ታማሚ የሚል ምርመራ ከገባ ሁለቱም ይጎዳሉ። በርካታ ተማሪዎች «ምርመራው ብዙ ታማሚ ያመልጠዋል» ብለው ጥናታቸውን ሲጥሉ አይቻለሁ፤ ያመለጡት በሁለቱም ወገን እኩል ከሆኑ አንጻራዊ ስጋቱ ቦታው ላይ ነው።

በእኛ መረጃ ውስጥ የማስታወስ ዝንፈት መኖሩን በምን እናውቃለን?

ከሁሉ የሚሻለው ከጥቂቶቹ እናቶች ቃል ጎን የተጻፈ መረጃ ማስቀመጥ ነው፤ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ። ማመሳከሩ ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት። ከሕሙማን ወገን ብቻ አመሳክሮ «90 በመቶ ይስማማል» ማለት ልዩነቱን አይነግረንም። ካርዱም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ እንክብሉ መሰጠቱን እንጂ መዋጡን አያውቅም።

መዝገብ ከሌለ አንድ ዘዴ አለ፤ ከበሽታው ጋር በምንም መንገድ የማይገናኝ፣ እናት ግን ልትጠረጥረው የምትችል ነገር መጠይቁ ውስጥ መጨመር። ሕሙማኑ እርሱንም አብልጠው ካነሱ፣ መድኃኒቱ ላይ ያገኘነው ብልጫም ከዚያው ምንጭ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ሌላ ዓይነት የአካል ጉዳት ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን እናቶች ሁለተኛ የንጽጽር ቡድን ማድረግ ነው፤ እነርሱም ትዝታቸውን በርብረዋልና። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ መድኃኒቱ ያንን ሌላውን ጉዳትም የሚያመጣ ከሆነ እውነተኛው ግንኙነት ከእጃችን ይወጣል።

ጠያቂውንም መመርመር አይዘንጋ። በአንድ የመስክ ሥራ ላይ መጠይቁ በታብሌት ስለነበር የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያው ኮቦ በራሱ የሚመዘግባቸውን የ`start` እና `end` ሰዓቶች አወጣንና ቀናነስን። የሕሙማን እናቶች ቃለ መጠይቅ ከሌሎቹ በግልጽ ይረዝም ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ የትኛዋ እናት ከየትኛው ቡድን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ያዘነችውን እናት «እስቲ ደግሞ ያስታውሱ እህቴ፣ ሌላ የወሰዱት የለም?» ይሏታል። ሌላዋን አንዴ ጠይቀው ያልፋሉ። ደግነት ነው፤ ግን የእናቶቹ ትዝታ እኩል ቢሆን እንኳ በቡድን የሚለያይ ስህተት ከዚህ ይወለዳል። ያስተካከልነው ተጨማሪ ማነሳሻ ጥያቄዎቹን በመጠይቁ ላይ ጽፈን ለሁሉም እናት እኩል እንዲጠየቁ በማድረግ ነው።

ስህተቱን በስሌት ማስተካከል ይቻላል?

ሴንሲቲቪቲውንና ስፔሲፊሲቲውን ካወቅን ይቻላል። ቀመሩ አጭር ነው፦

```
A = (a - (1 - Sp) * N) / (Se + Sp - 1)
```

እዚህ `a` «ወስጃለሁ» ያሉት፣ `N` የቡድኑ ብዛት፣ `Se` ሴንሲቲቪቲ፣ `Sp` ስፔሲፊሲቲ፣ `A` ደግሞ በእርግጥ የወሰዱት ግምት ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ይሠራል፤ ስህተቱ በቡድን የሚለያይ ከሆነ ለየቡድኑ የየራሱን `Se` እና `Sp` እንሰጠዋለን። 2.16 ያገኘንበትን ምሳሌ እንሞክረው። በሕሙማን ከ90 ላይ 20 ቀንሰን ለ0.7 ስናካፍል 100 እናገኛለን። በንጽጽር ከ55 ላይ 20 ቀንሰን ለ0.7 ስናካፍል 50። ኦድስ ሬሾው ወደ 3.0 ተመለሰ።

እዚህ ላይ መደሰት ይመጣል፤ ቆም ማለት ይሻላል። ስፔሲፊሲቲው 90 ሳይሆን 85 በመቶ ነው ብለን ብንገምት ኖሮ ያው መረጃ 3.60 ይሰጠን ነበር። አምስት ነጥብ የግምት ልዩነት ይህን ያህል ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ አንድ «የተስተካከለ» ቁጥር ከማቅረብ ይልቅ፣ ሊሆኑ የሚችሉ ጥንዶችን አስገብቶ ውጤቱ ከየት እስከየት እንደሚወዛወዝ ማሳየት ይበጃል። መረጃው ራሱም ወሰን ያበጃል፦ በንጽጽር ቡድን ከ200 «ወስጃለሁ» ያሉት 55 ብቻ ናቸው። ሁሉም ተሳስተው ቢሆን እንኳ ስፔሲፊሲቲው ከ72.5 በመቶ ብዙም ሊወርድ አይችልም። ከዚያ በታች ካስገባን ቀመሩ አሉታዊ የሰው ቁጥር ይሰጠናል፤ ግምታችን ከመረጃው ጋር እንደማይሄድ የሚነግረን እርሱ ነው።

ታዲያ የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል ምን እንጻፍ?

የመግቢያዬን ዓረፍተ ነገር ሰርዙና እንዲህ ባለ ነገር ተኩት፦ «የመድኃኒት አወሳሰዱ የተመዘገበው ከወሊድ በኋላ በእናቶች ቃል ነው። ከሁለቱም ቡድን ከተመረጡ እናቶች የክትትል ካርድ ጋር ስናመሳክር የሕሙማን እናቶች አብልጠው አስታውሰዋል፤ ይህም ያገኘነውን ኦድስ ሬሾ ከእውነቱ ከፍ እንዳደረገው እንገምታለን። በማመሳከሪያው በተገኙት የሴንሲቲቪቲ መጠኖች ስናሰላው ግምቱ በዚህና በዚህ መካከል ይወድቃል።» ማመሳከሪያ ካልሠራችሁ ደግሞ ማን ለምን ሊረሳ ወይም ሊደብቅ እንደሚችል ጽፋችሁ፣ በዚያ ግምት ውጤቱ ወዴት እንደሚሄድ በቁጥር አሳዩ። ምክንያቱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳምን ከሆነ ሁለቱንም ስሌት አስቀምጡ።